ደረጃ ሲወርዱ ጉልበት የሚያመው ከምን ነው? የሎሚ፣ የሜኒስከስና የመሳሳት ሕመምን መለያ መንገድ

አንዲት የ47 ዓመት መምህርት የራጅና የኤምአርአይ ፖስታቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ሕክምና ክፍሌ ገቡ። ገና ሳይቀመጡ «ኦፕራሲዮን ያስፈልግዎታል ተባልኩ» አሉኝ። ቀኝ ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡም ያማቸዋል፤ ሲወርዱ ግን ይብሳል። የራጁ ወረቀት «መጠነኛ የመገጣጠሚያ መሳሳት» ይላል፤ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ አልቋል ለማለት ነው። የኤምአርአዩ ወረቀት ደግሞ «በውስጠኛው ሜኒስከስ የኋላ ክፍል ላይ መቀደድ» ይላል፤ ሜኒስከስ በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል እንደ ትራስ የተነጠፈ አካል ነው። እኔ መርምሬ ያገኘሁት ከሁለቱም የተለየ ነበር፤ የሚያማቸው ከጉልበት ሎሚያቸው ጀርባ ነው።

በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ እንዲህ ዓይነት ጉልበት በየሳምንቱ አያለሁ። ሰዎች ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ይዘው ይመጣሉ፤ ወረቀቱ የሚያሳየው ግን ጉልበቱ ውስጥ ያለውን እንጂ የሚያመውን አይደለም። የሚያመውን ለማግኘት ጣት፣ ወንበር፣ አንድ ደረጃና ጥቂት ጥያቄ ብዙ ርቀት ያስኬዳሉ። ቤትዎ ሆነው እንዴት እንደሚያደርጉት በቅደም ተከተል ላሳይዎ።

መጀመሪያ፦ መውረድ ለምን ይብሳል?

የጉልበት ሎሚ በጭን አጥንት ጫፍ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የምትንሸራተት ትንሽ አጥንት ናት። ከላይ የፊት ጭን ጡንቻ ይይዛታል፤ ከታች ደግሞ በወፍራም ጅማት ከቅልጥም ጋር ታስራለች። ጉልበት ሲታጠፍና ጡንቻው ሲሳብ ሎሚዋ ወደ ቦይዋ ትጫናለች።

ሜዳ ላይ ሲራመዱ ይህ ጫና ከሰውነትዎ ክብደት ግማሽ ገደማ ነው። ደረጃ ላይ ወደ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ 180 ኪሎ ያህል በዚያች ትንሽ አጥንት ላይ ያሳርፋል ማለት ነው። ሲወርዱ ደግሞ ላይኛው ደረጃ ላይ የቀረው እግር እየታጠፈ መላ ሰውነትዎን ቀስ አድርጎ ማውረድ አለበት። ጡንቻው እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። ጡንቻው ከደከመ ወይም ሥራው በድንገት ከበዛበት ሕመሙ ቀድሞ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ነው መውረድ ላይ የሚብስ ሕመም መጀመሪያ ሎሚን የሚያስጠረጥረው። ግን መጠርጠር ብቻ ነው። የተቀደደ ሜኒስከስም፣ የሳሳ መገጣጠሚያም ደረጃ ላይ ያማል። ልዩነቱ ያለው ቀጥሎ ባሉት ምልክቶች ውስጥ ነው።

እርምጃ 1፦ በአንድ ጣት ያሳዩ

ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበትዎን እንደ ወንበሩ ማዕዘን አጥፈው «የሚያመኝ እዚህ ነው» ብለው በአንድ ጣት ያመልክቱ።

የሎሚ ሕመም ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ጣት ማሳየት ያቅተዋል። መዳፉን ሎሚው ላይ ጭኖ ዙሪያውን ያሻል፤ «ከውስጥ ነው፣ ከኋላዋ» ይላል። መምህርቷም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ሜኒስከሱ የሚያመው ሰው ግን ቦታውን ያውቀዋል። እርስዎም ሊያገኙት ይችላሉ። ጉልበትዎ እንደታጠፈ ከሎሚው በታች ባለው ወፍራም ጅማት ግራና ቀኝ ጣት የሚገባባቸው ሁለት ልስልስ ጎድጓዶች አሉ። ጣትዎን በውስጠኛው ጎድጓድ ያስገቡና በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል ባለው ስንጥቅ ላይ ወደ ጎን፣ ከዚያም ወደ ኋላ ቀስ እያሉ ይጫኑ። ይህ መስመር የመገጣጠሚያው አፍ ነው፤ ሜኒስከስ የተቀመጠው እዚያ ነው። እዚህ መስመር ላይ፣ በተለይ ወደ ኋላ ገደማ፣ «ኡ!» የሚያሰኝ ነጥብ ካለና በደህናው ጉልበት ላይ ከሌለ ሜኒስከስ ይጠረጠራል። ግን የሳሳ መገጣጠሚያም እዚያው መስመር ላይ ስለሚያም ይህ ብቻውን አይበቃም።

እርምጃ 2፦ አጀማመሩን ያስታውሱ

ከሁሉም የበለጠ የምተማመነው በዚህ ጥያቄ ነው። አንድ የተለየ ቅጽበት አለ?

በወጣት ሰው ሜኒስከስ የሚቀደደው እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነት ሲዞር ነው። ኳስ ሲጫወቱ፣ ከታክሲ ሲወርዱ፣ በጭቃ ላይ ሸርተት ብለው ጉልበት ሲጠማዘዝ። ሰውየው ቀኑንና ቦታውን ይነግርዎታል። እብጠቱ የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ማታ ላይ ወይም በማግስቱ ጠዋት ጉልበቱ አብጦ ያገኘዋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፊኛ ካከለ ግን ደም ነው፤ ያ ብዙውን ጊዜ የጅማት መበጠስ ወይም የአጥንት ስብራት ምልክት ስለሆነ ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል።

የሎሚ ሕመም ቅጽበት የለውም፤ ምክንያት ግን አለው። ሥራው የተቀየረበት ሳምንት አለ። መምህርቷን «ምን አዲስ ነገር ነበር?» ስላቸው መጀመሪያ «ምንም» አሉ። ቆይተው ለዓመታት ከኖሩበት ምድር ቤት የኪራይ ክፍል አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም እንደገቡ ነገሩኝ። ሊፍት የለውም። ደረጃውን ቆጥረውታል፦ 68። በቀን አራት ጊዜ ወርደው ይወጣሉ። ሕመሙ የጀመረው በገቡ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ለእኔ ምርመራው ግማሽ ያለቀው እዚህ ላይ ነበር።

የመሳሳት ሕመም በዓመታት ውስጥ እየተንፏቀቀ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ ረጅም መንገድ ያማል፣ ቀጥሎ አጭሩም፤ ደህና ወራትና ክፉ ወራት እየተፈራረቁ።

እርምጃ 3፦ አራት የቤት ፈተናዎች

*በርጩማው።* ቡና ሲፈላ እንደሚቀመጡበት ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። የሎሚ ሕመም ሳይንቀሳቀሱም ይመጣል፤ ጉልበት ታጥፎ ሲቆይ ከፊት ይከብዳል፣ ይቆረጥማል፣ እግርዎን መዘርጋት ያሰኝዎታል። ከኋላ ወንበር ጠቦዎት በሚሄዱበት ረጅም የታክሲ ጉዞም ያው ነው። የሳሳ መገጣጠሚያ ግን ተቀምጦ ያርፋል፤ የሚያመው ሲነሱ ነው፣ ጥቂት እርምጃ ተራምደው እስኪፍታታ ድረስ።

*ጠዋቱ።* ከአልጋ ሲነሱ ጉልበትዎ ይደርቃል? ዕድሜዎ 45 ካለፈ፣ ሕመሙ ከእንቅስቃሴ ጋር የሚመጣ ከሆነና የጠዋቱ ድርቀት ከ30 ደቂቃ በታች ከሆነ መሳሳትን ለመናገር ራጅ እንኳን የግድ አይደለም። ድርቀቱ ከዚያ በላይ ከዘለቀና ሌሎች መገጣጠሚያዎችም ካበጡ የሪህ ዓይነት ሌላ በሽታ ስለሚጠረጠር የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

*መዘርጋቱ።* ወለል ላይ ሁለቱንም እግር ዘርግተው ይቀመጡና የጉልበትዎን ጀርባ ወደ መሬት ይጫኑ። ሁለቱ እኩል ይወርዳሉ? በሎሚ ሕመም አዎ። በከረመ መሳሳት የታመመው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ማጠፉም ስለሚቀንስ ስግደት ላይ ተረከዝዎ ላይ መቀመጥ ያቅትዎታል። ከጠመዘዙት በኋላ ጉልበቱ ድንገት አልዘረጋ ብሎ፣ ሲገፉት እንደ ላስቲክ የሚመልስ ከሆነ የተቀደደው ሜኒስከስ በመካከል ገብቶ ቆልፎታል ማለት ነው። ይህን ማንም ሰው ጎትቶ ወይም ጠምዝዞ እንዲያቃናው አይፍቀዱ፣ ወጌሻም ቢሆን። በቀናት ውስጥ የአጥንት ሐኪም ማየት አለበት፤ እንዲህ ያለው ቅዳጅ በጊዜ ከተደረሰበት መሰፋት ይችላል።

*ውሃው።* እግርዎን ዘርግተው ያዝናኑት። ከሎሚው በውስጥ በኩል ያለውን ስርጉድ ቦታ በመዳፍዎ ከታች ወደ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጥረጉ። ከዚያ በውጭ በኩል ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ይጥረጉና ዓይንዎን ከውስጠኛው ስርጉድ አይንቀሉ። ትንሽ ሞገድ ተመልሶ ከሞላው ጉልበቱ ውሃ ቋጥሯል። ተራ የሎሚ ሕመም ውሃ አያስቋጥርም። ውሃ ካዩ ሐሳብዎን ወደ ሜኒስከስ፣ ወደ መሳሳት ወይም ወደ ሌላ በሽታ ይመልሱ።

ስለ ድምፁ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሲታጠፍ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ጉልበት ብቻውን የመበላት ማስረጃ አይደለም። አጥንቱን የሚሸፍነው ካርቲሌጅ ራሱ የሕመም ነርቭ የለውም፤ ብዙ የሚንቋቁ ጉልበቶችም አያሙም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ በእርምጃ መካከል ያዝ አድርጎ የሚለቅ፣ ወይም ሲዞሩ «ከዳኝ» የሚያሰኝ ጉልበት። ደረጃ ሲወርዱ በሕመሙ ምክንያት ጡንቻው ለአፍታ ሲላላ ሎሚም «ከዳኝ» ያሰኛል። ስለዚህ መቼ እንደሚከዳዎት ያስተውሉ። ቀጥ ብለው ሲወርዱ ከሆነ ሎሚ፣ ተተክለው ሲዞሩ ከሆነ ሜኒስከስ ወይም ጅማት ይመስላል።

እርምጃ 4፦ ወረቀቱን ከምልክቱ ጋር ያስተያዩ

የመምህርቷን ጉልበት በዚህ እንመዝነው። በአንድ ጣት ማሳየት አልቻሉም። የጠመዘዙበት ቀን የለም። በርጩማ ላይ ያማቸዋል። ጠዋት አይደርቅም። እኩል ይዘረጋል፤ ውሃም የለም። የመገጣጠሚያውን አፍ ስጫን ቀኙና ግራው ልዩነት አልነበራቸውም። ከ15 ሳንቲ ሜትር ደረጃ ላይ በቀኝ እግራቸው ቆመው ግራቸውን ቀስ ብለው እንዲያወርዱ ሳደርግ ግን ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ዘመመ፣ ዳሌያቸው በግራ ዘነበለ፣ ፊታቸውም ተኮማተረ። «ይኸው! ይኸው ነው ሕመሙ» አሉ።

ታዲያ የተቀደደው ሜኒስከስስ? አለ፤ ግን ምናልባት ከዓመታት በፊት የነበረና ያላመማቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 991 ሰዎች በኤምአርአይ ታይተው ውጤቱ በ2008 ታትሟል፤ ሜኒስከሳቸው ከተጎዳው ውስጥ 61 በመቶው ባለፈው ወር ጉልበታቸውን አላመማቸውም ነበር። ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ቅዳጅ እንደ ሽበት ነው። በ2013 ደግሞ የፊንላንድ ሐኪሞች በዕድሜ የተቀደደ ሜኒስከስ ያላቸውን 146 ሰዎች ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን ቅዳጁን ሲቆርጡ ለሌላው ውስጡን በካሜራ አይተው ምንም ሳይቆርጡ ሰፉለት። ከዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ ያልተቆለፈ ጉልበት ያለው የ47 ዓመት ሰው በኤምአርአይ ወረቀት ብቻ ወደ ኦፕራሲዮን ሲሄድ ሳይ ያሳዝነኛል።

ራጁም የራሱ ጥያቄ አለው። ተኝተው የተነሱት ራጅ መሳሳትን ሊደብቅ ይችላል፤ ካስፈለገ ቆመው፣ ክብደትዎ ጉልበትዎ ላይ ሆኖ ይነሳ። ሎሚዋን ከቦይዋ ጋር የሚያሳይ ጉልበት ታጥፎ የሚነሳ ራጅም አለ፤ ከ50 ዓመት በላይ ሆነው ደረጃ ብቻ ለሚያማቸው ሰዎች እሱን እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም መሳሳት አንዳንዴ ከሎሚዋ ጀርባ ይጀምራልና።

እርምጃ 5፦ ሎሚ ከሆነ እንዲህ ያድርጉ

ሥራው 12 ሳምንት ነው። መለኪያው ከ0 እስከ 10 የሚሰጡት የሕመም ቁጥር ነው። ሲሠሩ እስከ 3 ቢያም ችግር የለውም፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ። ካልተመለሰ የሠሩት በዝቷል፤ በግማሽ ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጫናውን ቀንሰው ጡንቻውን ይቀሰቅሳሉ። መምህርቷ ከአራቱ የደረጃ ጉዞ ሁለቱን ሰረዙ፤ ዳቦውንም አትክልቱንም ከሥራ ሲመለሱ ይገዙ ጀመር። በርጩማው በወንበር ተተካ። በየቀኑ ተንጋለው፣ የታመመውን እግር ቀጥ አድርገው፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ያነሱታል፤ 10 ጊዜ፣ በሦስት ዙር። ከዚያ በጎናቸው ተኝተው የላይኛውን እግር ወደ ላይ ያነሳሉ፤ ይህም እንዲሁ። ሁለተኛው የዳሌ ጎን ጡንቻ ነው፤ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይዘም የሚይዘው እሱ ስለሆነ አይዝለሉት።

ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት በቀን ልዩነት ይሥሩ። እጅዎን ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ 10 ጊዜ በሦስት ዙር። ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ግማሽ መንገድ ብቻ ዝቅ ብሎ 20 ሰከንድ መቆየት፣ አምስት ጊዜ። ሲቀልልዎ ሁለት ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ በቦርሳ አንግተው ይሥሩት።

ከሰባተኛው ሳምንት ጀምሮ ራሱን መውረድን ይለማመዳሉ። 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጠንካራ ነገር ላይ በታመመው እግር ቆመው፣ ግድግዳ በአንድ ጣት ነክተው፣ ደህናውን ተረከዝ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እስኪሉ ድረስ ወደ መሬት ያውርዱ። መሬት ነክቶ ይመለሳል፤ አያርፍም። ስምንት ጊዜ በሦስት ዙር። መስተዋት ፊት ይሥሩት፤ ጉልበትዎ ከእግር ሁለተኛ ጣት ትይዩ ይሁን፣ ቀበቶዎ አይዝመም። ይህ ሲጠራ ወደ እውነተኛው የደረጃ ከፍታ ይሂዱ።

እስከዚያው በየቀኑ መውረድዎ አይቀርም። መደገፊያውን ይያዙና የታመመውን እግር ቀድመው ያውርዱ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። ፍሬን የሚይዘው ላይ የሚቀረው እግር መሆኑን ያስታውሱ፤ ላይ የሚቀረው ደህናው ይሁን። ሲወጡ ደግሞ ደህናው ይቅደም። በክፉ ቀን ሁለቱንም እግር በአንድ ደረጃ ላይ እያገናኙ ይውረዱ።

ስለ መድኃኒት ባጭሩ፦ ሕመሙ ሲበረታ የሚቀባ ዲክሎፌናክ ለጥቂት ቀን ይረዳል። ኪኒኑን ግን ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት መዋጥ ጨጓራን ያቆስላል፣ ደም ግፊትንና ኩላሊትንም ይጎዳል።

ሎሚ ካልሆነስ?

መሳሳት ከሆነ ከላይ ያለው እንቅስቃሴ አብዛኛው ይሠራል፤ ልዩነቱ ቀስ ብለው መጨመርዎ፣ ሜዳ ላይ መራመድን ማከልዎና ክብደት ካለ መቀነስዎ ነው። ምርኩዝ ከያዙ በደህናው እግር በኩል ይያዙ። በዕድሜ የተቀደደና ያልቆለፈ ሜኒስከስም ለሦስት ወር በእንቅስቃሴ ይታያል፤ ጉልበቱ ታጥፎ መዞርንና ቁጢጥ ማለትን ለጊዜው ይቀንሱ። በወጣትነት በጉዳት የተቀደደው ግን ቶሎ የአጥንት ሐኪም ይየው።

እነዚህን ይዘው ግን ቤት አይቆዩ፦ ከወደቁ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎ፤ ጉልበቱ ትኩስና ቀይ ሆኖ ካበጠና ትኩሳት ካለዎ (ያን ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ ኢንፌክሽን በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ያበላሻል)፤ ባትዎ ካበጠና ካመመዎ። ለሳምንታት ቀስ እያለ የሚያብጥ፣ ጭኑ እየከሳ የሚሄድ፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣ ጉልበት ደግሞ በአገራችን የመገጣጠሚያ ቲቢን ያስጠረጥራል፤ ማሸትና መርፌ መወጋት ሳይጀመር በፊት ይመርመር። ጉልበቴን አመመኝ ብሎ የሚያነክስ ልጅ ካለዎ ዳሌውም ይታይለት፤ በልጆች ላይ የዳሌ ችግር ጉልበት ላይ ይሰማል።

መምህርቷ ኦፕራሲዮኑን አልተደረጉም። በአምስተኛው ሳምንት ለሁለት ቀን ባሰባቸው፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ለቅሶ ደርሰው ስድስት ጊዜ ወርደው ወጥተው ነበርና። ቁጥራቸው 6 ደረሰ። እንቅስቃሴውን በግማሽ ቀንሰን በሦስተኛው ቀን ቀጠልን። በ11ኛው ሳምንት ያን 15 ሳንቲ ሜትር ደረጃ መልሼ አቆምኳቸው። ጉልበታቸው ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ሕመሙ 1 ነው አሉ። ኤምአርአዩ ላይ ያለው ቅዳጅ ዛሬም እዚያው ይሆናል። 68ቱን ደረጃ ግን በቀን አራት ጊዜ ይወርዷቸዋል።